20 ሜትር ሽቅብ፦ ለረጅም የስፕሊት ኤሲ መስመር የትኛው ቱቦ ይሻላል?

በአያት፣ በሰሚት፣ በለገጣፎና በቱሉ ዲምቱ በኩል የሚሠሩት አዳዲስ ሕንጻዎች ብዙዎቹ ጂ ፕላስ 5 እና ከዚያ በላይ ናቸው። ግራውንዱ ሱቅ፣ ቢሮ ወይም የባንክ ቅርንጫፍ ይሆናል። ግቢው ለመኪና ማቆሚያ ስለሚፈለግ የኤሲው የውጭ ክፍል ጣሪያ ላይ ይወጣል። አንድ ወለል 3.3 ሜትር ቢሆን ስድስቱ ወለሎች ወደ 20 ሜትር ይጠጋሉ። የጋዙ ቱቦ ይህን ሁሉ ቀጥ ብሎ መውጣት አለበት።

እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ ከሕንጻ ባለቤቶች አዘውትሬ የምሰማው አንድ ነገር ነው። «ኢንጂነር፣ ርቀቱ ብዙ ስለሆነ ወፍራም ቱቦ አድርጉበት፣ እንዳይታፈን።» ሐሳቡ ከባዶ አልመጣም። ቱቦ ሲረዝም ግፊት ይባክናል፤ ቱቦው ሲወፍር ብክነቱ ይቀንሳል። ነገር ግን ጋዙን ወደ ኮምፕሬሰሩ መልሶ ወደ ላይ በሚወስደው የሳክሽን ቱቦ ላይ ከልክ ያለፈ ውፍረት ኮምፕሬሰር ይገድላል። ምክንያቱ ዘይቱ ነው።

ኮምፕሬሰሩ ጋዝ ሲገፋ ከራሱ ዘይት ጥቂቱ ሁልጊዜ አብሮ ይወጣል። ኤሲው ሁለት ቱቦ አለው። ወደ ቤት በሚወርደው በቀጭኑ ቱቦ ውስጥ ጋዙ ፈሳሽ ስለሆነ ዘይቱ ይሟሟበትና ያለ ችግር ወደ ታች ይጓዛል። ቤት ውስጥ ባለው ኢቫፖሬተር ጋዙ ሲተን ግን ዘይቱ ብቻውን ይቀራል። ከዚያ በኋላ ወደ ኮምፕሬሰሩ በሚመለሰው በወፍራሙ የሳክሽን ቱቦ ግድግዳ ላይ እንደ ስስ ሽፋን ተለጥፎ፣ በመሃል የሚያልፈው ጋዝ እየጎተተው 20 ሜትር መውጣት ይኖርበታል። ጋዙ በቂ ፍጥነት ካለው ዘይቱ ይወጣል። ፍጥነቱ ከወረደ ዘይቱ መልሶ ይንሸራተትና ታች ይጠራቀማል፤ ጣሪያ ላይ ያለው ኮምፕሬሰርም ቀስ በቀስ ይደርቃል።

ስለዚህ ምርጫው ሁለት ተቃራኒ ፍላጎቶችን ማስታረቅ ነው። ቀጭን ቱቦ ዘይት ይመልሳል፣ አቅም ግን ይበላል። ወፍራም ቱቦ አቅም ይቆጥባል፣ ዘይት ግን ያስቀራል። የትኛው እንደሚሻል በአንድ ምሳሌ እንየው።

ምሳሌያችን

አያት አካባቢ ያለ ጂ ፕላስ 5 ሕንጻ እንውሰድ። ግራውንዱ ላይ ሰርቨር ክፍል አለ። የተመረጠው ኤሲ አር 410ኤ ጋዝ የሚጠቀም 48,000 ቢቲዩ ኢንቨርተር፣ ማለትም ፍጥነቱን እንደ ክፍሉ ሙቀት ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ማሽን ነው፤ ይህም 14 ኪሎዋት ገደማ ነው። የውጭ ክፍሉ ጣሪያ ላይ ይቀመጣል። ከፍታው 20 ሜትር ነው፤ አግድም የሚሄደው ሲጨመር የቱቦው ርዝመት 30 ሜትር ይሆናል። ለክርኖቹ ትንሽ ስንጨምርለት እንደ 35 ሜትር እንቆጥረዋለን።

አሁን ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሰርቨሮች ጥቂት ናቸው። የሚያወጡት ሙቀት 4 ኪሎዋት አካባቢ ነው። ትልቅ ኤሲ የተገዛው «ወደፊት እንጨምራለን» ተብሎ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኤሲው አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው በአቅሙ 30 በመቶ አካባቢ እየሠራ ነው።

14 ኪሎዋት ለማቀዝቀዝ በሴኮንድ 82 ግራም ያህል ጋዝ መዞር አለበት። እያንዳንዱ ኪሎ ጋዝ ኢቫፖሬተሩ ውስጥ 170 ኪሎጁል ገደማ ሙቀት ስለሚወስድ ነው። ወደ ኮምፕሬሰር የሚመለሰው ጋዝ በ5 ዲግሪ የትነት ሙቀትና በተለመደው ሱፐርሂት፣ ማለትም ጋዙ ከተነነ በኋላ በሚጨምረው ሙቀት፣ በሊትር 34 ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ በሴኮንድ 2.4 ሊትር ጋዝ በቱቦው ውስጥ ያልፋል። ይህን በቱቦው የውስጥ ስፋት ማካፈል ፍጥነቱን ይሰጠናል።

ዝቅተኛው የሚፈቀድ ፍጥነት ስንት ነው? በሥራ ላይ ያደግንበት ልማድ ወደ ላይ ለሚወጣ ቱቦ በሴኮንድ 5 ሜትር ይላል። ይህ ልማድ ጥሩ መነሻ ነው፤ የጋዙን ክብደትና የቱቦውን ውፍረት ግን አያይም። ጃኮብስና ባልደረቦቹ በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጡት ቀመር ሁለቱንም ያያል፦

```
v_min = 0.72 × √( g × D × (ρ_oil − ρ_gas) / ρ_gas )
```

g የመሬት ስበት ፍጥንጥነት፣ D የቱቦው የውስጥ ዲያሜትር በሜትር ነው። ሁለቱ ρ የዘይቱና የጋዙ ጥግግት ናቸው፤ ዘይቱን በኪዩቢክ ሜትር 950 ኪሎ፣ ጋዙን 34 ኪሎ አድርጌ ወስጃለሁ። ቀመሩ የሚነግረን ቱቦው ሲሰፋ የሚያስፈልገው ፍጥነት እንደሚጨምር ነው። ወፍራም ቱቦ በሁለት በኩል ይጎዳል ማለት ነው። ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ከዚያ ደግሞ የበለጠ ፍጥነት ይጠይቃል።

አራቱን የቱቦ ልኮች በዚህ ስናሰላ የሚከተለውን እናገኛለን። ፍጥነቶቹ በሴኮንድ በሜትር ናቸው። የመጨረሻው ዓምድ በሙሉ አቅም የሚባክነው ግፊት ወደ ትነት ሙቀት ዲግሪ ሲተረጎም ነው።

| የቱቦ ልክ | በሙሉ አቅም | በ30 በመቶ | ዝቅተኛው ገደብ | ብክነት |
|---|---|---|---|---|
| 5/8 ኢንች | 16 | 4.8 | 1.4 | 5.4 ዲግሪ |
| 3/4 ኢንች | 10.7 | 3.2 | 1.5 | 2 ዲግሪ |
| 7/8 ኢንች | 7.7 | 2.3 | 1.7 | 0.9 ዲግሪ |
| 1-1/8 ኢንች | 4.4 | 1.3 | 1.9 | 0.2 ዲግሪ |

ሁለቱ ጫፎች ይወጣሉ

5/8 ኢንች ዘይት በመመለስ በኩል አይታማም። ግን በሙሉ አቅም 5.4 ዲግሪ ያባክናል። እያንዳንዱ ዲግሪ ከማቀዝቀዝ አቅሙ 3 በመቶ ገደማ ይወስዳል፤ ስለዚህ ከ14 ኪሎዋቱ ከ2 በላዩ መንገድ ላይ ይቀራል። ብዙ የዚህ መጠን ማሽኖች የጋዝ መግጠሚያቸው 5/8 ኢንች ነው፤ አንዳንድ ሠራተኛም ይህን አይቶ ቱቦውን ሁሉ በዚያው ልክ ይዘረጋዋል። ለአጭር መስመር ትክክል ነው። ለ30 ሜትር ግን አምራቹ በግልጽ ካልፈቀደ አልመክረውም።

1-1/8 ኢንች ደግሞ ባለቤቶቹ የሚወዱት ነው። በሙሉ አቅም ሲሞከር ምንም ችግር አይታይበትም። የርክክቡ ቀን ኤሲው ግሩም ይሠራል፤ ሁሉም ይደሰታል። ወደ 30 በመቶ ሲወርድ ግን ፍጥነቱ 1.3 ይሆናል፤ የሚያስፈልገው 1.9 ነው። ዘይቱን ለመጎተት ማሽኑ ከ43 በመቶ በላይ መሥራት አለበት፤ የእኛ ሰርቨር ክፍል ደግሞ ያን ያህል ሙቀት የለውም። ይህ ቱቦ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በዋጋም ከሁሉም ውዱ እሱ ነው።

እውነተኛው ምርጫ፦ 3/4 ወይስ 7/8?

ሠንጠረዡን ብቻ ያየ ሰው 7/8ን ይመርጣል። ብክነቱ ከ1 ዲግሪ በታች ነው፤ በ30 በመቶም ገደቡን ያልፋል። ማሽኑ ኢንቨርተር ባይሆንና ወይ በሙሉ ኃይሉ የሚሠራ ወይ የሚቆም ቢሆን እኔም 7/8 እል ነበር። እንዲህ ያለው ማሽን ሲሠራ ሁልጊዜ 7.7 ላይ ነው።

የእኛ ኤሲ ግን ኢንቨርተር ነው፤ ቦታው ደግሞ አዲስ አበባ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል።

ሰርቨር ክፍል ሌሊትም ሙቀት ያወጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የአዲስ አበባ ዳርቻ በጣም ይቀዘቅዛል፤ ከ10 ዲግሪ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። ውጭ ሲቀዘቅዝ ጋዙን ወደ ፈሳሽ ከሚቀይረው የውጭው ክፍል ኮንደንሰር የሚወጣው ፈሳሽም ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ ፈሳሽ በየኪሎው ብዙ ሙቀት ይሸከማል፤ ፈሳሹ 20 ዲግሪ ሲሆን 170 የነበረው ወደ 200 ኪሎጁል ያድጋል። ለኤሌክትሪክ ፍጆታ ይህ ደስ የሚል ዜና ነው። ለዘይቱ ግን ክፉ ነው። ያንኑ ሙቀት ለማውጣት የሚዞረው ጋዝ በ15 በመቶ ይቀንሳልና።

እንግዲህ በ7/8 ቱቦ ውስጥ 2.3 የነበረው ፍጥነት ሌሊት 2.0 አካባቢ ይሆናል። ገደቡ 1.7 ነው። የቀረው ልዩነት በጣም ትንሽ ነው። በዚያ ላይ ቀመሩ የሚሰጠው ዘይቱ መንቀሳቀስ የሚጀምርበትን ድንበር እንጂ የምንዝናናበትን ፍጥነት አይደለም። ዘይት ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፤ ኢንቨርተሩም ከ30 በመቶ በታች ሊወርድ ይችላል። በ3/4 ቱቦ ግን በዚያው ሌሊት 2.7 እናገኛለን፤ ገደቡ 1.5 ነው። ይህ እፎይ የሚያሰኝ ልዩነት ነው።

የ3/4 ዕዳ ቀን ላይ በሙሉ አቅም የሚባክነው 2 ዲግሪ ነው። እሱንም መቀነስ ይቻላል። ዘይት የሚቸገረው ቀጥ ብሎ በሚወጣው ክፍል ነው። አግድም የሚሄደው ቱቦ ወደ ጋዙ አቅጣጫ ትንሽ ካዘነበለ ዘይቱን ራሱ ቁልቁለቱ ይረዳዋል። ስለዚህ የምመክረው ይህን ነው፦ ቀጥ ያለውን 20 ሜትር በ3/4፣ አግድሙን ሁሉ በ7/8 መሥራት። ብክነቱ ወደ 1.5 ዲግሪ ይወርዳል። ከአቅሙ 5 በመቶ ያህል መሆኑ ነው፤ 14 ኪሎዋት ለተገዛለት ባለ 4 ኪሎዋት ክፍል ደግሞ ይህ ምንም አይደለም።

ልኩ የሚቀየርበት ቦታም ወሳኝ ነው። ከ7/8 ወደ 3/4 የሚጠበው ራይዘሩ፣ ማለትም ቀጥ ብሎ የሚወጣው ቱቦ፣ ከመጀመሩ በፊት ታች፣ ከክርኑ ጥግ ነው። ወደ 7/8 መልሶ የሚሰፋው ራይዘሩ አልቆ ጣሪያ ላይ አግድም ከዞረ በኋላ ነው። ቀጥ ባለው መሃል ላይ ማስፋት አይገባም፤ የሰፋው ቦታ ላይ ፍጥነቱ ስለሚወርድ ዘይቱ እዚያው ይቆማል። አግድሞቹ በየሜትሩ ግማሽ ሴንቲ ያህል ወደ ጋዙ ጉዞ አቅጣጫ ይውረዱ። ቱቦው በክላምፕ በደንብ ካልተያዘ በጊዜ ብዛት ይረግባል፤ የረገበበት ቦታ ሁሉ ያልታሰበ የዘይት ኩሬ ይሆናል።

ከሁሉም በፊት ግን የማሽኑን የመግጠሚያ መጽሐፍ ማየት ግድ ነው። አምራቹ የተፈቀደውን ርዝመት፣ ከፍታና የቱቦ ልክ በሠንጠረዥ ያስቀምጣል። የውጭው ክፍል ከላይ ሲሆንና ከታች ሲሆን የሚፈቀደው ከፍታ ሊለያይም ይችላል። የእኔ ስሌትና መጽሐፉ ከተለያዩ መጽሐፉ ይቀድማል። 20 ሜትር የማይፈቅድ ማሽን ከሆነ በቱቦ ልክ ማስታመም አይቻልም፤ ሌላ ማሽን ይገዛ።

ሁለት ቱቦ ጎን ለጎን ቢሆንስ?

በትልልቅ ማቀዝቀዣዎች የሚሠራ ሌላ ዘዴ አለ። ሁለት ራይዘር ጎን ለጎን ይወጣል፤ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም። በወፍራሙ እግር ሥር ትራፕ፣ ማለትም ዘይት የሚጠራቀምበት ወደ ታች የጎበጠ ክርን፣ ይደረጋል። ማሽኑ በዝቅተኛ አቅም ሲሠራ ዘይት ትራፑ ውስጥ ይጠራቀምና ወፍራሙን ይዘጋዋል፤ ጋዙ ሁሉ በቀጭኑ በፍጥነት ይወጣል። ማሽኑ ሲበረታ ግፊቱ የዘይቱን መዝጊያ ያነሳዋል፤ ሁለቱም ይከፈታሉ።

በእኛ ምሳሌ 5/8 እና 3/4 ጎን ለጎን ቢሆኑ በ30 በመቶ ጋዙ በ5/8 ብቻ በ4.8 ሜትር ይወጣል። በሙሉ አቅም ሁለቱ ተካፍለው ወደ 6.4 ይደርሳሉ። ቁጥሩ ያምራል። ግን ብየዳው ይበዛል፤ መዝጊያው ሲነሳ ያ ሁሉ ዘይት ባንዴ ወደ ኮምፕሬሰሩ ይሄዳል፤ ታች ያለው ትራፕ ትንሽ በጥንቃቄ ካልተሠራ ዘዴው ጨርሶ አይሠራም። ከ40 ወይም 50 ኪሎዋት በላይ ለሆነና አቅሙ በጣም ለሚዋዥቅ ማሽን ዋጋ አለው። ለ14 ኪሎዋት ስፕሊት አላደርገውም።

ማሽኑን ማውረድስ?

ቱቦ ከመግዛት በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ነበር። ክፍሉ ግራውንድ ላይ ከሆነ የውጭው ክፍል በጓሮ በኩል ቢቀመጥ የዘይቱ ችግር ጨርሶ አይኖርም፤ መስመሩም ወደ 10 ሜትር ያጥራል። የሚነሳው ተቃውሞ ስርቆት፣ አቧራና ቦታ ነው። በዳርቻው ሰፈር መንገዱ ገና ያልተነጠፈ ከሆነ አቧራው ቀልድ አይደለም፤ ኮንደንሰሩ በየወሩ መታጠብ ሊኖርበት ነው። ለስርቆቱ የብረት ጥልፍ ይበጃል፤ የአየሩን መውጫ እንዳይዘጋ ብቻ ይጠንቀቁ። መካከለኛ መፍትሔም አለ። የአንደኛው ወይም የሁለተኛው ወለል የኋላ በረንዳ ላይ ማስቀመጥ ከፍታውን ወደ 5 ወይም 8 ሜትር ያወርደዋል። ባለቤቱን ማሳመን ከተቻለ እኔ ሁልጊዜ ይህን ነው የምመርጠው።

ክፍሉ ከላይ፣ ማሽኑ ከታች ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ዘይቱ በስበት ወደ ታች ይመለሳል፤ የሚቸገረው ሽቅብ የሚወጣው ፈሳሽ ይሆናል። 20 ሜትር የፈሳሽ ዓምድ ወደ 2 ባር ግፊት ይበላል፤ ይህም በ40 ዲግሪ ኮንደንሲንግ ከ3 ዲግሪ በላይ ሰብኩሊንግ፣ ማለትም ፈሳሹ ከመፍያው ሙቀት በታች የቀዘቀዘበትን ልክ፣ ያስከፍላል። በቀዝቃዛ ሌሊት ኮንደንሲንጉ 25 ሲሆን ደግሞ ከ4 ዲግሪ ተኩል ያልፋል። ሰብኩሊንጉ ካልበቃ ፈሳሹ ላይ ሳይደርስ አረፋ ይሆናል። እዚያ ላይ ቀጭኑን ቱቦ አንድ ልክ ማሳደግ የሚያዋጣበት ጊዜ አለ። ወፍራሙም ያለ ስጋት ሊወፍር ይችላል።

ትራፕ፦ መቼ፣ ስንት፣ ምን ያህል

በዚህ ላይ ባለሙያው ይከራከራል። አንዱ «በየ6 ሜትሩ ትራፕ ግድ ነው» ይላል። ሌላው «ትራፕ ድሮ ቀረ» ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው።

ፍጥነቱ በቂ ከሆነ ዘይቱ በግድግዳው ላይ ሳያቋርጥ ይወጣል፤ መሃል ላይ ያለ ትራፕ አይረዳውም። ለዚህም ነው ብዙ የኢንቨርተርና አንድ የውጭ ክፍል ብዙ ክፍሎችን የሚያቀዘቅዝበት የቪአርኤፍ አምራቾች መሃል ላይ ትራፕ አታድርጉ የሚሉት። ማሽኑ በሚቆምበት ጊዜ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። 20 ሜትር ግድግዳ ላይ የነበረው ዘይት ሁሉ ወደ ታች ይንሸራተታል። መሃል ላይ ትራፕ ካለ ዘይቱ በየደረጃው ይያዛል፤ ማሽኑ ሲነሳም የሚወጣው መንገድ ያጥራል። በየጊዜው መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ላይ፣ በተለይ ወይ በሙሉ ኃይል ወይ ቆሞ በሚውል ማሽን፣ ይህ ጥቅም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ማሽን በየ6 ሜትሩ ትራፕ አደርጋለሁ። ለኢንቨርተር አምራቹ ካላዘዘ መሃሉን እተወዋለሁ።

ከራይዘሩ ሥር ያለው ትራፕና ጫፉ ላይ ያለው የተገለበጠ ትራፕ ግን መጽሐፉ እስካልከለከለ ድረስ ለሁለቱም ይጠቅማሉ። የታችኛው ዘይቱን ሰብስቦ ያስነሳዋል። የላይኛው ጣሪያ ላይ የደረሰው ዘይት ማሽኑ ሲቆም ተመልሶ እንዳይወርድ ያደርጋል።

ትልቁ ጥፋት የትራፑ መጠን ነው። ከአጭር ክርኖች የተበየደ የ3/4 ትራፕ 40 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት ይይዛል። ቱቦው በእጅ ተጎንብሶ ታቹ ግማሽ ሜትር ከሆነ ግን ከ110 ሚሊ ሊትር በላይ ይውጣል። እንዲህ ያሉ ሦስት ትራፖች ሲደመሩ ከአንድ ሊትር አንድ ሦስተኛው ይሄዳል። የዚህ መጠን ኮምፕሬሰር በጠቅላላው የሚይዘው ከ1 እስከ 2 ሊትር መሆኑን ስናስብ ትራፑ ራሱ ሌባ ሆነ ማለት ነው።

ከፍታችን በጌጅ ላይ

ከቱቦ ልክ ወጣ ያለ ቢሆንም ይህን ሳልጠቅስ አላልፍም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ነች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቫኪዩም ሲደረግ የተለመደው ጌጅ ወደ 30 ኢንች አይወርድም፤ 23 አካባቢ ይቆማል። ብዙ ልጆች ይህን አይተው መስመሩ ያፈሳል ብለው ቀን ሙሉ ሲፈልጉ ይውላሉ። ለረጅም መስመር የማይክሮን ጌጅ ያስፈልጋል፤ ከ500 ማይክሮን በታች ወርዶ ፓምፑ ተዘግቶም ሳይነሳ መቆየት አለበት። እርጥበት የቀረበት መስመር ውስጥ የአር 410ኤው ዘይት ወደ አሲድ ስለሚቀየር ጥሩው የቱቦ ምርጫ ከንቱ ይሆናል።

መስመሩ ከተዘረጋ በኋላ

30 ሜትር መስመር ተጨማሪ ጋዝ ይፈልጋል። ፈሳሽ የሚሄድበት 3/8 ኢንች ቱቦ በየሜትሩ ከ50 እስከ 60 ግራም ይይዛል፤ ማሽኑ ከፋብሪካ ተሞልቶ የመጣለት ርዝመት ተቀንሶ የቀረው ይባዛል። ለምሳሌ 7.5 ሜትር ከተሸፈነ ለቀሪው 22.5 ሜትር 1.2 ኪሎ ያህል በሚዛን ይጨመራል። ዘይት ግን መጽሐፉ ሳይል አይጨመርም። ቱቦው ወፍራም ሆኖ ዘይት ሲጠፋ ዘይት መጨመር፣ ዘይቱ የሚቀመጥበትን ኩሬ ማሳደግ ነው። ማሽኑ አንድ ቀን ሲበረታ ያ ሁሉ ተጠራርጎ ይመጣና ኮምፕሬሰሩን ይመታዋል።

ጣሪያ ላይ ያለ ኮምፕሬሰር ሌላም ጠላት አለው። መብራት ጠፍቶ ሌሊቱን ሲያድር ጋዙ ወደ ቀዝቃዛው ቦታ፣ ወደ ኮምፕሬሰሩ ዘይት ይሰደዳል። መብራት መጥቶ ወዲያው ሲነሳ ዘይቱ ያረፋና አብዛኛው ተጠርጎ ይወጣል። ይህን የሚከላከለው የኮምፕሬሰሩ ማሞቂያ ነው፤ እሱም መብራት ከሌለ አይሠራም። ስለዚህ ሕንጻው ጄኔሬተር ካለው ማሞቂያው ኃይል የሚያገኝበት መስመር ከጄኔሬተሩ ጋር ይገናኝ። ለሰርቨር ክፍል ይህ ግዴታ ነው ባይ ነኝ።

ዘይቱ አለመመለሱን በምን እናውቃለን?

የስፕሊት ኮምፕሬሰር የዘይት ማያ መስታወት ስለሌለው በምልክት ነው የምናውቀው። የመጀመሪያው ምልክት ድምፅ ነው፤ በተለይ ማሽኑ ረጋ ብሎ በሚሠራበት በሌሊትና በማለዳ ኮምፕሬሰሩ መንኮሻኮሽ ይጀምራል። የኮምፕሬሰሩ ገላና ትኩሱ ጋዝ ከእሱ የሚወጣበት የዲስቻርጅ ቱቦ ከቀድሞው ይበልጥ ይሞቃል። ኢቫፖሬተሩ ውስጥ የቀረው ዘይት የቧንቧውን ግድግዳ ስለሚሸፍን ክፍሉ እንደ ድሮው አይበርድም፤ ሱፐርሂቱም ከፍ ዝቅ ይላል። ይህን ያየ ሰው ጋዝ ጎደለ ብሎ ይሞላል፤ ነገሩም ይብሳል።

ለመለየት ቀላል ሙከራ አለ። ማሽኑን በግዳጅ ማቀዝቀዣ፣ ማለትም በሙሉ ፍጥነት፣ ለግማሽ ሰዓት ማስኬድ ነው። የጠፋው ዘይት ከሆነ ፍጥነቱ ይጠርገዋል። መጀመሪያ የሚያጉረመርም ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ኮምፕሬሰሩ ይረጋል፤ ክፍሉም የተሻለ ይበርዳል። በቀናት ውስጥ ወደ ድሮው ከተመለሰ ጥፋቱ የቱቦው ልክ ወይም የትራፑ ነው። ብዙ ኢንቨርተሮች ራሳቸውም በየጊዜው ፍጥነት ጨምረው ዘይት የሚመልሱበት ዑደት አላቸው። ያ ዑደት ግን የተሠራው በመጽሐፉ ለተፈቀደው ቱቦ ነው፤ 1-1/8 የገባበትን አያድነውም።

እንዲህ ያለ መስመር ቀድሞ ተዘርግቶ ከተገኘ ሁሉን መንቀል አያስፈልግም። አግድሞቹ ዝንባሌያቸው ትክክል ከሆነና መጽሐፉ ካልከለከለ ይቆዩ። ጋዙ ተሰብስቦ፣ ቀጥ ያለው 20 ሜትር ብቻ በ3/4 ይቀየር፤ የቱቦው ግድግዳ ከ1 ሚሊ ሜትር ያልሳሳ ይሁን፤ ሲበየድ ናይትሮጅን በውስጡ ይለፍ። አሮጌው ራይዘርና ትራፖቹ ሲወርዱ ውስጣቸው የቀረው ዘይት በዕቃ ተለክቶ ይያዝ። ያ መጠን ከኮምፕሬሰሩ የጎደለው ነው፤ አዲሱ መስመር ተዘግቶ ቫኪዩም ከመደረጉ በፊት በዚያው ልክ፣ ማሽኑ በሚፈልገው ዓይነት አዲስ ዘይት ይተካል።